«መጀመሪያ የምታይው ማንን ነው?» የነርሶች የፈቃድ ፈተና አስቸጋሪ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ተምራ ልትጨርስ ሁለት ወር የቀራት አንዲት የአገሬ ልጅ፣ ባለፈው ክረምት ኮሌጇ የሰጣትን የሙከራ ፈተና ውጤት ይዛ ቤቴ መጣች። መድኃኒቱንም፣ የእናቶችና ሕፃናቱንም፣ የሥነ አእምሮውንም በደንብ ሠርታለች። የወደቀችው «የእንክብካቤ አመራር» በሚባለው ክፍል ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሚጠና ነገር የለውም። አራቱም መልስ ልክ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ።

እኔም በዚህ ፈተና ያለፍኩ ነርስ ስለሆንኩ ነገሩ አልገረመኝም። በአሜሪካ በነርስነት ለመሥራት የሚወሰደው ኤንክሌክስ አርኤን በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ ተፈታኙ በመለሰው መጠን ጥያቄው ይከብዳል ወይም ይቀላል። ከ2023 ወዲህ ባለው አሠራር አነስተኛው የጥያቄ ቁጥር 85፣ ከፍተኛው 150 ነው። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ በዋለው ዕቅድ መሠረት ከ15 እስከ 21 በመቶ የሚሆነው ጥያቄ ከእንክብካቤ አመራር የሚመጣ በመሆኑ፣ ማን ይቅደም፣ የትኛውስ ሥራ ለማን ይሰጥ የሚሉትን ጥያቄዎች ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። የወደቀ ሰው ደግሞ 200 ዶላሩን እንደገና ከፍሎ፣ ቢያንስ 45 ቀን ጠብቆ ነው የሚፈተነው።

ከሙከራ ፈተናው ከሳተቻቸው ጥያቄዎች አንዱን እንዲህ ብዬ እንደገና አቀረብኩላት። የጠዋት ፈረቃ ተረክበሻል፤ አራት ሕመምተኞች አሉሽ። አንደኛው ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው የ68 ዓመት ሰው ናቸው፤ በአፍንጫ በሚሰጥ ሁለት ሊትር ኦክስጅን ላይ ሆነው የደማቸው ኦክስጅን 90 በመቶ ነው፤ አክታ ያለው ሳል ያስላቸዋል። ሁለተኛዋ ትናንት ሆዷን የተቀደደች ሴት ስትሆን ሕመሟ ከአሥር ስምንት ነው ትላለች። ሦስተኛው እግሩ ተሰብሮ ዛሬ ሌሊት ጀሶ የታሠረለት ወጣት ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ሞርፊን ተሰጥቶት ሕመሙ ጭራሽ ብሶበታል፤ ጣቶቹንም ይነዝረኛል ይላል። አራተኛዋ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ከቁርስ በፊት የደሟ ስኳር 240 ነው፤ ኢንሱሊኗን ትጠብቃለች። መጀመሪያ የምታይው ማንን ነው?

ልጅቷ ሳታመነታ አንደኛውን መረጠች። ምክንያቷም ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ የደም ዝውውር። «ሳንባ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ኦክስጅናቸውም ዝቅ ብሏል» አለች።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የምርመራ ስም አይቶ ለሳንባ ሕመምተኛ ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ አይደለም። ትንፋሹ አሁን አደጋ ላይ ያለ ሰው ይቅደም ነው የሚለው። ሲኦፒዲ ላለበት ሰው ደግሞ ከ88 እስከ 92 በመቶ ያለው ኦክስጅን ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ልክ ነው። ሳሉና አክታውም የበሽታው የዕለት ተዕለት ጠባይ ነው። ስለዚህ ከቅደም ተከተሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ምልክት ከዚህ ሕመምተኛ የሚጠበቅ ነው ወይስ ያልተጠበቀ?» የሚል። በዚህ ወንፊት ስናሳልፈው፣ ሆድ በተከፈተ በማግስቱ ሕመም መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ማስታገሻ ያስፈልጋታል፤ ቶሎም ልትደርስላት ይገባል፤ ነገር ግን አስር ደቂቃ ብትቆይ የምታጣው አካል የለም። የስኳሯም ቁጥር መታከም ያለበት እንጂ የሚያስሮጥ አይደለም።

የቀረው ወጣቱ ነው። የተሰበረ እግር ማመሙ የታወቀ ነው፤ ሞርፊን ከተሰጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕመሙ መባሱ ግን የሚጠበቅ አይደለም። መነዘሩ ሲጨመርበት ነገሩ ኮምፓርትመንት ሲንድረም ወደሚባለው ያመለክታል። በጡንቻው ሽፋን ውስጥ እብጠቱ ግፊት ፈጥሮ ደም ወደ ጡንቻውና ወደ ነርቩ እንዳይደርስ ያደርጋል ማለት ነው። በሰዓታት ውስጥ ግፊቱ ካልተነሳ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል፤ እግሩንም ሊያጣ ይችላል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እግር ከሳንባ በታች ስለሚመስለው ነው።

ጥያቄው በዚህ አያበቃም። ቀጣዩ «የመጀመሪያ እርምጃሽ ምንድነው?» ይላል፤ እግሩን በትራስ ከፍ ማድረግ፣ ሞርፊን መጨመር፣ ለቀዶ ሐኪሙ መንገር፣ ወይም መዝግቦ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ማየት። አዲስ ስብራት ሲያብጥ እግርን ከፍ ማድረግ ትክክል ስለሆነ ብዙዎች የሚመርጡት እሱን ነው። እዚህ ግን እግሩ ከልብ በላይ ሲነሳ ወደታች የሚሄደው ደም ይበልጥ ይቀንሳልና ጉዳቱን ያብሳል፤ እግሩ በልብ ልክ ነው መቀመጥ ያለበት። ትክክለኛው መልስ ለሐኪሙ ወዲያው መንገር ነው፤ ጀሶው መሰንጠቅ፣ ምናልባትም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋልና።

ልጅቷ እዚህ ላይ ተቃወመችኝ። «ኮሌጅ የተማርነው ሐኪም ከመጥራትሽ በፊት ሕመምተኛውን መርምሪ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ደንቡ ልክ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ምርመራውን ሠርቶ አስቀምጦላታል። ማስታገሻ ያልበገረው ሕመምና መነዘር ለመወሰን በቂ ነው። በጥያቄው ውስጥ መረጃ ሲጎድል ምርመራ ይቀድማል፤ መረጃው ከሞላ ግን እንደገና መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። የእግሩ የደም ምት መኖሩም ሊያዘናጋት አይገባም። ምቱ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

ታዲያ የአየር መንገድና የትንፋሽ ቅደም ተከተል መቼ ነው የሚሠራው? ሁለት ሕመምተኞች ሁለቱም ያልተጠበቀና አጣዳፊ ምልክት ሲኖራቸው ነው። ከዚህ ወጣት ጎን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትተነፍስ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያወጣች ሴት ብትኖር፣ ያለ ጥርጥር እሷ ትቀድማለች። ጉሮሮዋ እየተዘጋ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ልግባ፤ ሥራ ማካፈል። እዚህ ላይ ከአገር ቤት የሄድን ሰዎች ለየት ያለ ችግር አለብን። እኛ ስንሠራ ሕመምተኛውን የሚያጥበው፣ የሚመግበው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው አስታማሚ ዘመድ ነበር፤ የተረፈው ሁሉ የነርሷ ነው። በአሜሪካ ፈተና ግን ሦስት ደረጃ አለ፤ ባለ ሙሉ ፈቃዷ ነርስ፣ ከእሷ በታች ኤልፒኤን የምትባለው ነርስ፣ ከዚያም ሲኤንኤ የምትባለው ረዳት። ልጅቷ ማታ ማታ በመጦሪያ ቤት በረዳትነት ስለምትሠራ ይህን ክፍል የምታውቀው መስሏት ነበር።

ለረዳቷ የምትሰጪው የትኛውን ነው ብዬ አራት ሥራ ሰጠኋት። ከኦፕራሲዮን ክፍል ከወጣ 15 ደቂቃ የሆነውን ሰው የደም ግፊት መለካት፤ ትናንት ስትሮክ ያጋጠማቸውን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ መመገብ፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ቀን የሆነውንና ትናንት ሲራመድ የዋለውን ሰው ወደ ሽንት ቤት መሸኘት፤ ማስታገሻ የወሰደችን ሴት ተሽሏት እንደሆነ መጠየቅ። የመጀመሪያውን መረጠች። «የደም ግፊት እኮ በየሌሊቱ የምለካው እኔ ነኝ» አለች።

ሥራው የረዳት መሆኑ እውነት ነው፤ ሁኔታው ግን አይደለም። ከቀዶ ሕክምና ገና የወጣ ሰው የደም ግፊቱ ሲወርድ ውስጥ ውስጡን እየደማ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ትርጉሙንም ማወቅ አለበት። ስትሮክ ያገኛቸው እናት መዋጥ መቻላቸው ገና አልተረጋገጠም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ተሽሏት እንደሆነ መጠየቁ ቀላል ወሬ ቢመስልም ሕክምናው ሠርቷል ወይ የሚለውን መመዘን ነው፤ ምዘና ደግሞ የነርሷ ነው። መልሱ ሽንት ቤት መሸኘቱ ነው፤ የሰውየው ሁኔታ የተረጋጋ፣ ውጤቱም የሚገመት ነውና። የመጀመሪያ ምርመራ፣ ማስተማር፣ መመዘንና ሙያዊ ውሳኔ ከነርሷ እጅ አይወጡም።

የኤልፒኤን ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ፈተናው ግን አገር አቀፍ ስለሆነ የሚጠይቀው የጋራ የሆነውን ነው። ለተረጋጋ ሕመምተኛ የሚዋጥ መድኃኒት መስጠት፣ ኢንሱሊን መውጋት፣ ቁስል ማሸግ ይሰጣታል። አዲስ የገባ ሕመምተኛን መቀበል፣ ደም መስጠት ማስጀመር፣ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስተማር አይሰጣትም። ነርሷ ያስተማረችውን ግን መድገምና ማስታወስ ትችላለች። «እኛ መሥሪያ ቤት እኮ ኤልፒኤኗ ይህንን ትሠራለች» የሚለው ሐሳብ ስንቱን ጎበዝ እንደጣለ እኔ ነኝ የማውቀው። በፈተናው ዓለም ሠራተኛም ዕቃም አይጎድልም፤ ሁሉም እንደ መጽሐፉ ነው።

የትእዛዙ አነጋገርም ይጠየቃል። «አቶ እከሌን ተከታተያቸው፤ ችግር ካለ ንገሪኝ» የሚል መልስ ሁልጊዜ ስህተት ነው፤ ችግር የቱ እንደሆነ መወሰኑን ለረዳቷ ትቶላታልና። «በየአራት ሰዓቱ የደም ግፊታቸውን ለኪ፤ የላይኛው ቁጥር ከ100 በታች ከሆነ ወዲያው ንገሪኝ» የሚለው ትክክል ነው። ረዳቷ መጥታ «88 በ50 ሆነ» ካለች ደግሞ፣ እንደገና ለኪ ብሎ መላክ ወይም ወደ ሐኪም መደወል ሳይሆን፣ ነርሷ ራሷ ሄዳ ሕመምተኛውን ማየት ነው የሚቀድመው።

ለጥናቷ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኳት። የሳተችውን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ከመገልበጥ ይልቅ፣ የተሳሳተውን ለምን እንደመረጠች በአንድ መስመር በደብተር እንድትጽፍ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስናየው ስህተቶቿ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበሩ። ወይ የበሽታውን ስም አይታ ምልክቱን ሳታነብ ቸኩላለች፣ ወይ መጦሪያ ቤቱን አስባ መልሳለች።

በቅርቡ ስልክ ደውላ አንድ ጥያቄ አነበበችልኝ። እንደዚያኛው የሲኦፒዲ ሕመምተኛ ናቸው፤ ኦክስጅናቸው ያው 90 ነው። ነገር ግን ሌሊቱን በደህና ያወሩ የነበሩት ሰው ከጠዋት ጀምሮ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ የት እንዳሉም ተምታቶባቸዋል። ሌሎቹ ሦስቱ ሕመምተኞች የተረጋጉ ናቸው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ እሳቸውን ነው የመረጥኩት። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ሰውየው ግን ተለውጠዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞባቸው ይሆናል» አለች። ልክ ነበረች።