ኢንሹራንሱ «አንከፍልም» ሲል፦ ለደብዳቤው ሳይሆን ለአንቀጹ መልሱ

ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ደግሞ በአፕ ሰው ያመላልሳል። ኦክቶበር 14 ቀን 2023፣ ቅዳሜ ማታ፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ መኪናው ተንሸራቶ ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ጋር ተጋጨ። እሱ አልተጎዳም። የመኪናው ጥገና ግን 9,840 ዶላር ተገመተ። ኮሊዥን ስለነበረው 1,000 ዶላር ዲዳክቲብሉን ከፍሎ ቀሪውን ኢንሹራንሱ እንደሚሸፍንለት እርግጠኛ ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን «መኪናው ለሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት ይውል ስለነበር ክሌሙ ተቀባይነት የለውም» ይላል።

ጓደኛዬ በዚያው ቀን ተናዶ መልስ ጻፈ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ እንደከፈለ፣ አንድም ጊዜ ክሌም ጠይቆ እንደማያውቅ ዘረዘረ። መጨረሻ ላይ «ይህ መኪና እንጀራዬ ነው፤ ያለሱ መሥራት አልችልም» አለ። ደብዳቤውን ሲያሳየኝ ራሴን ያዝኩ። ኢንሹራንሱ «መኪናውን ለሥራ ትጠቀምበታለህ» ብሎ ነው የከለከለው፤ እሱ ደግሞ በገዛ ፊርማው «አዎ፣ ለሥራ ነው» ብሎ አረጋገጠላቸው። ደግነቱ ገና አልላከውም ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክልከላ ሲመጣብን የምንመልሰው ለተሰማን በደል ነው። ፋይሉን እንደገና የሚያየው ሰው ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጠቀሰው አንቀጽ ለዚህ አደጋ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ስለዚህ ይግባኙ የሚጀምረው ከአንቀጹ ነው።

መጀመሪያ አንቀጹን በእጃችሁ አድርጉ

የክልከላ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንቀጹን ያሳጥረዋል፣ ወይም በራሱ ቋንቋ ይተርከዋል። ጓደኛዬ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠየቀ፦ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን ሙሉ ፖሊሲ ከነማሻሻያዎቹ፣ የተመሠረቱበትን አንቀጽ ቁጥርና ገጽ፣ እንዲሁም በስልክ የሰጠውን የተቀዳ ቃል ቅጂ። በፖሊሲው ገጽ ግርጌ ጥግ ላይ የፎርሙ ቁጥርና የታተመበት ወርና ዓመት አለ። እሱን ተመልከቱ፤ ምክንያቱም አንዱ ዕትም ከሌላው ይለያል።

በአሜሪካ ብዙ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ወይም የሚቀዱለት የግል መኪና ፖሊሲ ፒፒ 00 01 ይባላል። በመኪናው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ክፍል የመጀመሪያው ማግለያ፣ ጉዳቱ የደረሰው መኪናው ለሕዝብ ወይም ለኪራይ ማመላለሻ «በሚውልበት ጊዜ» ከሆነ አንከፍልም ይላል። የ2018 ዕትም አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮበታል፦ ሹፌሩ በትራንስፖርት አፕ ላይ ሎግ ኢን ያደረገበት ጊዜ ሁሉ፣ ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም፣ በማግለያው ውስጥ ይገባል። ወጪ ተጋርቶ አብሮ መጓዝን ግን ከማግለያው ያወጣዋል። የጓደኛዬ ፖሊሲ ይህን አዲሱን ቃል የያዘ ነበር።

አንቀጹን በየክፍሉ ፍቱት

እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝና አንቀጹን እንደ ኮድ ቅድመ ሁኔታ ነው ያየሁት፦ ሁሉም ክፍሎች እውነት ካልሆኑ ማግለያው አይሠራም። ሦስት ክፍል አገኘን። አንደኛ፣ ጉዳቱ የደረሰው ፖሊሲው በሚሸፍነው መኪና ላይ ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ለማመላለሻ ይውላል፣ ወይም ሹፌሩ አፑ ላይ ሎግ ኢን አድርጓል። ሦስተኛ፣ ይህ የሆነው ጉዳቱ በደረሰበት በዚያው ሰዓት ነው።

የመጀመሪያውን አመንን። ከሁለተኛውም እውነት የሆነውን አመንን፦ በዚያ ምሽት ሰው አመላልሷል። ይህን መካድ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ከክልከላው የባሰ ነገር ያመጣል፤ ፖሊሲውን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል። የተከራከርነው በሦስተኛው ብቻ ነው። ደብዳቤው «በዚያ ምሽት» ይላል፤ አንቀጹ ግን «በሚውልበት ጊዜ» ነው የሚለው። በሁለቱ መካከል 22 ደቂቃ አለ።

በአሜሪካ የኢንሹራንስ ሕግ በጥቅሉ የሚሠራበት ደንብም እዚህ ይጠቅማል። ጉዳቱ በሽፋኑ ውስጥ መግባቱን የምታሳዩት እናንተ ናችሁ፤ ማግለያው መሥራቱን ማስረዳት ያለበት ግን ኢንሹራንሱ ነው። ማግለያ በጠባቡ ይተረጎማል፤ ቃሉ በእውነት አሻሚ ከሆነም ፖሊሲውን በጻፈው ወገን ላይ ይነበባል። ስለዚህ አድጀስተሩ «ከሥራ ወደ ቤት መመለስም የሥራው አካል ነው» ሲለው መልሱ አጭር ነበር፦ አንቀጹ ወሰኑን በሎግ ኢን አድርጓል፤ የመመለሻ መንገድን ቢፈልጉ ይጽፉት ነበር።

ለተከራከራችሁበት ክፍል ብቻ ማስረጃ አምጡ

ጓደኛዬ ከአፑ ድርጅት የራሱን መረጃ ጠይቆ አወረደ። ወሳኙ መስመር ይህ ነበር፦

```
2023-10-15T01:41:07Z  OFFLINE
```

የፖሊስ ሪፖርቱ ደግሞ አደጋው ኦክቶበር 14 ከምሽቱ 10:03 (በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር) ደረሰ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያለ ማብራሪያ ብትልኩ ምን ይነበባል? አደጋው በ14ኛው ቀን ማታ፣ አፑ የተዘጋው በ15ኛው ቀን ሌሊት 1:41። ማለትም ከአደጋው በኋላ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አፑ ክፍት ነበር! ራሱን በራሱ ከሰሰ ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው «Z» ሰዓቱ የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት መሆኑን ነው የምትናገረው። በኦክቶበር የቨርጂኒያ ሰዓት ከዚያ በአራት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ከኖቬምበር መጀመሪያ በኋላ ደግሞ በአምስት። ስለዚህ 1:41 ማለት በቨርጂኒያ ኦክቶበር 14 ከምሽቱ 9:41 ነው። አፑ ከተዘጋ 22 ደቂቃ በኋላ ነው አደጋው የደረሰው። ይህን ስሌት አንባቢው እንዲሠራው አትተዉለት፤ በአንድ መስመር እናንተ ጻፉለት።

ከዚያ የቀረውን ክፍተት በደቂቃ ሞላነው። 9:52 ላይ ከሐበሻ መደብር እንጀራና ወተት የገዛበት ደረሰኝ አለ። 10:03 አደጋው። 10:05 ወደ 911 የደወለበት የስልክ መዝገብ። መደብሩ፣ አደጋው የደረሰበት ቦታና ቤቱ በአንድ መስመር ላይ እንደሆኑ የሚያሳይ ካርታም ጨመርን። ሌላ ምንም አልጨመርንም። የጥሩ ሹፌርነት ምስክር ወረቀት፣ የሰባት ዓመት ክፍያ ዝርዝር፣ የልጁ ፎቶ፣ ሁሉም ቀረ። ከሦስቱ ክፍሎች አንዱንም አይመልሱማ።

ደብዳቤው ራሱ

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ አልሞላም። ራስጌው ላይ የክሌም ቁጥር፣ የፖሊሲ ቁጥር፣ አደጋው የደረሰበት ቀንና የክልከላው ደብዳቤ ቀን። ቀጥሎ አንቀጹ ቃል በቃል፣ ሳይቆረጥ፣ ከነፎርሙ ቁጥርና ገጹ። ከዚያ ሦስቱ ክፍሎች በቁጥር፣ በእያንዳንዱ ሥር «አምናለሁ» ወይም «አልቀበልም» የሚል ቃልና የአባሪው ቁጥር።

አንድ ጣጣ ቀርቶ ነበር፤ የተቀዳው ቃል። አድጀስተሩ «በዚያ ምሽት እየሠራህ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ፣ እየሠራሁ ነበር» ብሎ መልሷል። ይህን ዘለን ብናልፍ እነሱ ያነሱታል። ስለዚህ ራሳችን አነሳነው፦ ጥያቄው ስለ ምሽቱ እንጂ ስለ 10:03 አልነበረም፤ በአደጋው ቅጽበት አፑ ክፍት እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም።

መዝጊያው ልመና አይደለም፣ ሁለት ጥያቄ ነው። ክልከላውን አንስታችሁ የኮሊዥን ክፍያውን ዲዳክቲብሉን ቀንሳችሁ ክፈሉ። በክልከላው ከጸናችሁ ደግሞ እያንዳንዱን የአንቀጹን ክፍል የትኛው ማስረጃ እንደሚያሳይ በጽሑፍ አስረዱ። ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ብትሄዱ ይዛችሁ የምትቀርቡት ያንን መልስ ነው። በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮው በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ነው፤ በሜሪላንድ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር አለ። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ኩባንያው እንዲመልስና ክልከላውን ከፖሊሲው ጋር አገናኝቶ እንዲያስረዳ ይጠይቃሉ። ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን ክርክር ግን በአብዛኛው እንደ ዳኛ አይፈርዱም፤ ያ ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤት ነው። ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ፖሊሲው ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ይግባኙን እየጠበቃችሁ እንዳያልፍባችሁ።

መልሱ፣ ገደቡም

ኢንሹራንሱ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ሌላ አፕስ ነበረህ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለት አፕ የሚያሠሩ ሹፌሮች አንዱን ዘግተው ሌላውን ይረሳሉ፤ ለአንቀጹ ደግሞ አንዱም ይበቃል። ጓደኛዬ ሁለተኛ አፕ ነበረው፤ በዚያ ቀን ጭራሽ እንዳልከፈተው የሚያሳይ መረጃ ላከ፣ በኖተሪ ፊት የፈረመበትን ቃልም ጨመረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 8,840 ዶላር ተከፈለ። ለተከራየው መኪና ያወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰለትም፤ ፖሊሲው ውስጥ ያ ሽፋን አልነበረም፤ ስላልነበረም አልተከራከርንም።

መዝገቡ አፑ 10:10 ላይ እንደተዘጋ ቢያሳይ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አንጽፈውም ነበር። መኪናው ባዶ ቢሆንም አዲሱ ቃል ያገለዋል። ያኔ መንገዱ ሌላ ነው፤ የአፑ ድርጅት ኢንሹራንስ። ያም ቢሆን አፑ ተከፍቶ ጥሪ በሚጠበቅበት ሰዓት በአብዛኛው የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መኪና አይደለም። ጓደኛዬ አሁን ያንን ክፍተት የሚሞላ ተጨማሪ ሽፋን ገዝቷል።

ያን የመጀመሪያ ደብዳቤውን፣ «ይህ መኪና እንጀራዬ ነው» የሚለውን፣ እስካሁን አልጣለውም። እውነት ነበር የጻፈው። ግን ያ እውነት ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ ነበር።