«ዕቃዎ ይደርሳል»፦ ሰዓቱን የማያሳስት መልእክት አጻጻፍ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚላክ የዕቃ ማድረሻ መልእክት ከዓረብኛ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። በዓረብኛው «ከ2 እስከ 4 ከሰዓት በኋላ» ተብሎ የተጻፈው፣ «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ሐረግ ሲቀርበት «ዕቃህ ነገ ከ2–4 ሰዓት ይደርሳል» ሆኖ ይወጣል። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም፤ መልእክቱ ግን ተሳስቷል።

ምክንያቱም በአማርኛ 2 ሰዓት ያለው አንባቢ በቅድሚያ የሚያስበው ጠዋትን ነው፤ የአገሩ ሰዓት ግን የቀኑን 8 ሰዓት ማለቱ ነበር። አንዲት ሴት የቤት ሠራተኛ ይህን መልእክት ተቀበለች እንበል። ጠዋት ከአሠሪዎቿ አስፈቅዳ ትጠብቃለች፤ የሚመጣ የለም። ሾፌሩ የሚደርሰው እሷ ልጆችን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ከወጣች በኋላ ነው፤ ዕቃውም ወደ መጋዘን ይመለሳል። «ዕቃህ» የሚለው የወንድ አጠራር ደግሞ መልእክቱ ለሌላ ሰው የተላከ ሊያስመስለው ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ ብለው «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል ሐረግ የሚጨምሩ አሉ። ይህ ግን ሌላ ስሕተት ያመጣል። ኤምሬቶች ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድሙ፣ በዱባይ 14:00 ሲሆን በአዲስ አበባ 13:00 ነው፤ ይኸውም የቀኑ 7 ሰዓት። ስለዚህ የሚሻለው በስልኩ ላይ የሚታየውን የአገሩን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ፣ የቀኑን ክፍል በቃል መግለጽ፣ በቅንፍም ያንኑ ሰዓት እንደ አማርኛ አነጋገር ማስቀመጥ ነው። 14:00 ለብቻው ግልጽ ቢሆንም፣ 08:00 ግን «ጠዋት» የሚለው ቃል ከሌለው የቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

«ነገ» የሚለው ቃልም አይበጅም። ማታ የተላከውን መልእክት በማግሥቱ የሚያነብ ሰው ቀኑን በአንድ ቀን ያሳልፈዋል። የሳምንቱ ቀንና የወሩ ቀን አብረው ሲጻፉ አንዱ ሌላውን ያረጋግጣል።

ቀጣዩ ጥያቄ ቤት የሚገኝ ሰው ባይኖርስ የሚለው ነው። ብዙ መልእክቶች «በማግሥቱ በዚሁ ሰዓት» የሚል ምርጫ ብቻ ያቀርባሉ። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ሐሙስም በዚያው ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አማራጮቹ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የቀኑንም ክፍል መለወጥ አለባቸው፦ አንዱ ምሽት፣ ሌላው የብዙዎች የዕረፍት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ከሁለት በላይ ምርጫ አያስፈልግም። መልሱም አንድ አኃዝ ብቻ ይሁን፤ ያም አኃዝ በዚያው መልእክት ውስጥ ለብቻው የሰዓት ቁጥር ሆኖ ያልተጻፈ ይሁን።

በዚህ መሠረት የተስተካከለው መልእክት የሚከተለው ነው፦

«ዕቃዎ ረቡዕ ሜይ 14 ከሰዓት በኋላ ከ14:00 እስከ 16:00 (ከቀኑ 8 እስከ 10) ይደርሳል።
ቤት ካልሆኑ፦ ለሐሙስ ምሽት 1፣ ለቅዳሜ ጠዋት 2 ብለው እስከ ማክሰኞ ምሽት 18:00 (12 ሰዓት) ይመልሱ።»

ርዝመቱም የታሰበበት ነው። በላቲን ፊደል አንድ የስልክ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ፣ በአማርኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። ከላይ ያለው በሁለት ክፍል ያልቃል። ዋናው ነገር፣ ማለትም ቀኑና ሰዓቱ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስለሆነ በስልኩ ማሳያ ላይ ቀድሞ ይታያል።

1 ብሎ የመለሰ ሰው ወዲያውኑ ማረጋገጫ ሊደርሰው ይገባል፦ «ተመዝግቧል። ሐሙስ ሜይ 15 ምሽት ከ18:00 እስከ 20:00 (ከምሽቱ 12 እስከ 2) ይደርሳል።» ማረጋገጫ ካልመጣ ተቀባዩ ቀጠሮው መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የስልካቸው የፊደል ገበታ ዓረብኛ የሆነ ሰዎች በ1 ፈንታ ١ ሊልኩ ስለሚችሉ፣ መልሱን የሚቀበለው ሥርዓት ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ይህ ሲዘነጋ መልሱ እንዳልተላከ ይቆጠርና ሾፌሩ ባዶ ቤት ያንኳኳል።

ዕቃውን ለሕንፃው ጥበቃ መተው እንደ ሦስተኛ ምርጫ ሊቀርብ የሚችለው ሒሳቡ አስቀድሞ ለተከፈለ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሲረከቡ ለሚከፈልበት ዕቃ አይሆንም።

ለተቀባዩ ደግሞ አንድ መለያ አለ። ቀጠሮ ለመለወጥ ከአንድ አኃዝ በቀር ምንም አያስፈልግም። መልእክቱ የባንክ ካርድ ቁጥር ወይም በስልክ የመጣ የምሥጢር ቁጥር ከጠየቀ፣ የማጭበርበር ሙከራ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ሳይመልሱለት ዕቃውን ከገዙበት ድርጅት ይጠይቁ።