አይገንቫልዩን ያለ ስሌት ከዲያጎናሉ ማንበብ

ማትሪክስ አንድን ቬክተር ሲያባዛ ብዙውን ጊዜ አቅጣጫውን ያዞረዋል። ይሁንና በነበሩበት መስመር ላይ ቀርተው በአንድ ቁጥር ብቻ የሚባዙ ቬክተሮች አሉ፤ ያ ቁጥር አይገንቫልዩ ይባላል። ቁጥሩን λ ብለን ከእያንዳንዱ የዲያጎናል ቁጥር ላይ እንቀንሰዋለን፤ ከዚያም የማትሪክሱ ዲተርሚናንት መቼ ዜሮ እንደሚሆን እንፈልጋለን።

ከዲያጎናሉ በታች ዜሮ ብቻ ያለበትን ይህን ሦስት ማዕዘናዊ ማትሪክስ እንውሰድ፦

```
2  5  1
0  3  4
0  0  7
```

λን ከቀነስን በኋላ በመጀመሪያው ዓምድ ከ(2−λ) በታች ያሉት ዜሮዎች ናቸው። ስለዚህ ዲተርሚናንቱ (2−λ) ሲባዛ በቀሪው ትንሽ ማትሪክስ ዲተርሚናንት ነው። ቀሪውም ሦስት ማዕዘናዊ ስለሆነ በዚያው መንገድ ስንቀጥል (2−λ)(3−λ)(7−λ) እናገኛለን። ይህ ዜሮ የሚሆነው λ 2፣ 3 ወይም 7 ሲሆን ብቻ ነው። 5፣ 1 እና 4 በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ከዲያጎናሉ ውጭ ሁሉም ዜሮ ሲሆንም ውጤቱ ያው ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሌላውን ማትሪክስ በረድፍ ቅነሳ ሦስት ማዕዘናዊ አድርገው ዲያጎናሉን ሲያነቡ ነው። ረድፎቹ (2, 1) እና (1, 2) የሆኑት ማትሪክስ አይገንቫልዩዎች 1 እና 3 ናቸው። የመጀመሪያውን ረድፍ ግማሽ ከሁለተኛው ስንቀንስ ግን ዲያጎናሉ 2 እና 1.5 ይሆናል። ስህተቱ በድምር ይታወቃል፦ የአይገንቫልዩዎች ድምር ከመጀመሪያው ማትሪክስ የዲያጎናል ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ 4 መሆን ሲገባው 3.5 መጥቷል። ስለዚህ ዲያጎናሉን የምታነቡት ማትሪክሱ ሲሰጣችሁ ሦስት ማዕዘናዊ ከሆነ ነው፤ በረድፍ ቅነሳ ካገኛችሁት ግን አታንብቡት።