ቪፒኤን የሚሸፍነውና የማይሸፍነው
የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ሲገደቡ ብዙ ተጠቃሚዎች ወደ ቪፒኤን ዞሩ። አንድ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ በኔዘርላንድስ ባለ ሰርቨር በኩል ፌስቡክን ከፈተ እንበል። ስልኩና ሰርቨሩ አስቀድመው በምስጢር ቁልፍ ይስማማሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ በቁልፉ ተመስጥሮ፣ የሰርቨሩ አድራሻ በተጻፈበት ሌላ እሽግ ውስጥ ይጓዛል። ስለዚህ የኢንተርኔት አቅራቢው የሚያየው የሰርቨሩን አድራሻ፣ ሰዓቱንና የመረጃውን መጠን ነው።

ይህ ሽፋን ግን ሰርቨሩ ላይ ይፈታል። ፌስቡክ የኔዘርላንድስን አድራሻ ቢያይም፣ ነዋሪው በራሱ መለያ ስለገባ ማንነቱን፣ የተመዘገበበትን ስልክ ቁጥርና በገጹ ላይ የሚሠራውን ሁሉ ያውቃል። መተግበሪያው ቦታን የማየት ፈቃድ ካለው ደግሞ የስልኩ ጂፒኤስ አቃቂ ቃሊቲን ያሳያል። ድንገተኛው የአገር ለውጥም ተጨማሪ የማንነት ማረጋገጫ ሊያስጠይቅ ይችላል።