ከሲቪው ጋር የሚላከው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ

አንዳንድ የሥራ ማስታወቂያዎች ከሲቪና ከትምህርት ማስረጃ ጋር «ራስዎን የሚያስተዋውቁበት አጭር ቪዲዮ ይላኩ» ማለት ጀምረዋል። አዲስ ምሩቅ ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያደርገው ሲቪውን ከፊቱ ዘርግቶ ማንበብ ነው፤ የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ በስንት ነጥብ እንደ ተመረቀ። ከዚያም «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫናን እችላለሁ» ይላል። የመጀመሪያውን ቀጣሪው ሲቪው ላይ አንብቦታል። ሁለተኛውን ደግሞ ሌሎቹም አመልካቾች ይሉታል። ደቂቃው በዚህ አለቀ ማለት ነው።

ቪዲዮው ሲቪ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ሰውየው ስለ ሥራው ሲያስብና ሲያስረዳ ያሳያል። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃ የሚበቃው አንድ ሥራ ነው። በተግባር ልምምድ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ በገዛ እጃችሁ የፈታችሁትን አንድ ችግር ምረጡ። ትልቅ መሆን የለበትም፤ ነገር ግን ምን እንደ ገጠማችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁና ምን እንደ ተገኘ ልትናገሩት የምትችሉት መሆን አለበት።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ ለጁኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ ታመለክታለች እንበል። መጀመሪያ የጻፈችው «በተግባር ልምምድ ወቅት የባንክ ሂሳብ በማስታረቅ ሰፊ ልምድ አግኝቻለሁ» የሚል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም፤ ግን ማንም ሊለው ይችላል። «እስቲ አንድ ቀን የሆነውን ንገሪኝ» ብትባል የምትናገረው ነው መጻፍ ያለበት። ተስተካክሎ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ … እባላለሁ። ዘንድሮ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄአለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። የማመለክተው ለጁኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ ነው።

ለተግባር ልምምድ የገባሁበት የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር በ2,700 ብር አልታረቅ ብሎ ነበር። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ቁጥር ተገላብጦ ይሆናል ብዬ የወሩን ቼኮች አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። የ8,520 ብር ቼክ 5,820 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። ማረሚያውን አዘጋጅቼ ለኃላፊዬ አሳየሁ፤ እርሳቸው አጽድቀውት ሂሳቡ ታረቀ።

ማስታወቂያችሁ የየቀኑን ሽያጭ ከባንክ ገቢ ጋር የሚያመሳክር ሰው እንደምትፈልጉ ይገልጻል። እኔም የለመድኩት ይህንኑ ሥራ ነው። ኤክሴል በደንብ እሠራለሁ፤ ፒችትሪ ግን ገና በመማር ላይ ነኝ። ለጽሑፍ ፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ በጠራችሁኝ ቀን እመጣለሁ። አመሰግናለሁ።»

የዚህ ጽሑፍ ጉልበት ያለው ለ9 መካፈሉ ላይ ነው። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል፤ ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ቪዲዮውን የሚያየው የፋይናንስ ኃላፊ ከሆነ፣ ልጅቷ ዘዴውን በቃል እንዳልሸመደደችና በሥራ ላይ እንዳዋለችው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይረዳል። እያንዳንዱ ሙያ እንዲህ ያለ የባለሙያ ምልክት አለው፤ ፈልጉት። ማረሚያውን ያጸደቁት ኃላፊዋ መሆናቸውን መናገሯም ይጠቅማታል፤ የሥልጣኗን ወሰን የምታውቅ ሠራተኛ መሆኗ ይታያል። ፒችትሪ ገና እየተማረች መሆኗን መናገሯን ብዙዎች እንደ ድክመት ያዩት ይሆናል። እኔ ግን አላወጣውም፤ ማስታወቂያው የጠየቀውን አንድ ነገር ካልቻላችሁ በፈተናው ቀን መጋለጡ አይቀርም። የድርጅቱን ስም ግን አለመጥራቷ ልክ ነው። የሰው ሂሳብ ምስጢር ነው፤ ገንዘቡንም ቢሆን ትክክለኛውን ከመጥቀስ የሚመሳሰል ቁጥር መጠቀም ይሻላል።

ርዝመቱ ወደ መቶ ቃል ይጠጋል፤ ረጋ ተብሎ ሲነገር አንድ ደቂቃ ይሞላል፣ ምናልባትም ትንሽ ያልፋል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ቁጥር ነው። 8,520 ወረቀት ላይ አንድ ቃል ይመስላል፤ አፍ ላይ ግን «ስምንት ሺህ አምስት መቶ ሃያ» ነው። ስለዚህ ቃል ከመቁጠር ይልቅ ጮክ ብሎ አንብቦ በሰዓት መለካት ይበጃል። ማስታወቂያው ርዝመት ከወሰነ ከዚያ አትለፉ። ካልወሰነ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ መሄድ አያስፈልግም። ሲረዝምባችሁ ፈጥናችሁ ለመናገር አትሞክሩ፤ ከላይ ያለው ጽሑፍ ቢረዝም መጀመሪያ የሚወጣው የመውጫ ፈተናው ነው፤ ሲቪው ላይ አለና።

አቀራረጹን በተመለከተ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልኩን አግድም አድርጋችሁ መጽሐፍ ደራርባችሁ አስደግፉት፤ ሌንሱ ከዓይናችሁ ትይዩ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አገጭና ጣሪያ ነው የሚያሳየው። ካሜራው ላይ ግሪድ የሚባለውን መስመር አብሩና ዓይናችሁን ከላይኛው አግድም መስመር ላይ አድርጉ፤ ከታች እስከ ደረት ይታይ። ከጭንቅላት በላይ ጥቂት ክፍተት ይበቃል።

መስኮቱ ፊት ለፊታችሁ ይሁን፣ ከኋላችሁ ግን አይሁን። ከኋላ ብርሃን ካለ ስልኩ ለእርሱ ስለሚያስተካክል ፊታችሁ ይጠቁራል። ድምፅ ግን ከብርሃንም ይበልጣል። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ይዘጋዋል። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ አልጋና መጋረጃ ያለበት መኝታ ክፍል ከባዶ ሳሎን ይሻላል። ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ማይኩ ከስልኩ ይልቅ ለአፋችሁ ስለሚቀርብ ተጠቀሙበት፤ ልብስ ወይም ፀጉር እንዳይነካው ግን ጠብቁት። ጥሪ መሐል እንዳያቋርጣችሁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ።

ጽሑፉን እያነበባችሁ አትቀረጹ፤ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ በግልጽ ይታያል። በቃል መሸምደድም መልሶ ድምፁን የትምህርት ቤት ግጥም ያስመስለዋል። ሦስት ቃላት በትልቁ ጽፋችሁ ከሌንሱ አጠገብ ለጥፉ፤ ለምሳሌ «አልታረቅ አለ፣ 9፣ ማስታወቂያው»። የቀረውን በራሳችሁ አነጋገር ሙሉት። የምታዩት ሌንሱን እንጂ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊታችሁን አይሁን። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ንግግሩም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ያኔ የቃላቱ ብዛት ስለሚጨምር ሰዓቱን እንደገና ለኩ።

የሚያሳዝነው ጥሩ ቪዲዮ አላላክ ላይ ሲበላሽ ነው። በስልክ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ብዙ ጊዜ ከ25 ሜጋባይት ያልፋል፤ ጂሜይል ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ አባሪ አይቀበልም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ፋይል ላኩት። በጉግል ድራይቭ ከሆነ የፈቃድ ቅንብሩ Restricted እንዳለ ከቀረ ቀጣሪው ፈቃድ እንዲጠይቅ ይገደዳል። መቶ ማመልከቻ ከፊቱ ያለ ሰው ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። Anyone with the link ወደሚለው ቀይሩት። ለፋይሉ ስማችሁንና የሥራ መደቡን ስጡት። ከመላካችሁ በፊትም ሊንኩን በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡት።