14ቱ ገጽ ለምን 15 ሆነ?

አንድ የእድር ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንባቸውን በፒዲኤፍ ይዘው ወደምንሠራበት የጽሕፈት ቤት መጡ። ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት አንቀጽ ስላሻሻለ ደንቡ ሊታረም ወደሚችል የወርድ ፋይል እንዲቀየርላቸው ፈለጉ። ሠርተን በላክንላቸው ማግስት ደወሉ። «ልጄ፣ የሰጠኋችሁ 14 ገጽ ነበር፤ የመለሳችሁልኝ 15 ነው። ምን ጨመራችሁበት?»

የተጨመረ ቃል አልነበረም። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር፤ ከፋይሉ ጋር መሄድ የነበረበት ማስታወሻ አልሄደም። ያን ቀን የነገርናቸውን እዚህ ላስረዳ።

ፒዲኤፍ እንደታተመ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከገጹ ጠርዝ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ ይመዘግባል፤ የፊደሉንም ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ በየትኛውም ኮምፒውተር ቢከፈት መልኩ አይለወጥም። ወርድ ግን ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር በዚያ ኮምፒውተር ላይ ባለው ፎንት መስመሩን እንደገና ያሰላል። የእድሩ ደንብ የተጻፈበት ፎንት በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ስላልነበረ ወርድ በሌላ የአማርኛ ፎንት ተካው። የተተካው ፎንት መስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል። በፊት በአንድ ገጽ 36 መስመር ይገባ ነበር፤ አሁን የሚገባው 34 ነው። 14 ገጽ በ36 ሲባዛ 504 መስመር ይሆናል፤ 504 ለ34 ሲካፈል ከ14 ገጽ ያልፋል። አስራ አምስተኛው ገጽ የመጣው ከዚህ ነው።

ገጽ ሲገፋ ማውጫው ይዛባል። በዋናው ላይ አንቀጽ 21 በገጽ 9 ነበር፤ አሁን ገጽ 10 ላይ ነው። የማውጫው ቁጥር በእጅ የተጻፈ ስለነበር ራሱን አላስተካከለም፤ እኛ አስተካከልነው። የአንቀጽ ቁጥር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በቃለ ጉባኤ ደንቡን ስትጠቅሱ በገጽ ሳይሆን በአንቀጽ ጥቀሱ የምንለው ለዚህ ነው።

ከባዱ ሥራ ሠንጠረዡ ነበር። ፒዲኤፉ ሠንጠረዡን የያዘው እንደ መስመሮችና እንደ ፊደሎች ብቻ ነው፤ የትኛው ቁጥር በየትኛው ዓምድ ሥር እንዳለ አይናገርም። የሚቀይረው ፕሮግራም ከቦታ ርቀት ተነሥቶ ይገምታል፤ ባዶ ሳጥን ሲያጋጥመው ይስታል። በእድሩ ንብረት ዝርዝር ላይ ድንኳን ብዛቱ 2፣ «የተበላሸ» የሚለው ባዶ፣ ያንዱ ዋጋ 18,000 ብር ነበር። ፕሮግራሙ ባዶውን ሳጥን ዘሎ 18,000ን «የተበላሸ» በሚለው ሥር አስቀመጠው። እንዲህ ያለው ስሕተት ገጹን በማየት ብቻ አይያዝም፤ ሠንጠረዡ ያምራል፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ረድፍ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርገን አነበብን።

ሆን ብለን ያልነካነውም አለ። በአባላት ዝርዝር ላይ አንዱ «ዓለሙ» ሌላው «አለሙ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዓይነት ብናደርገው ያምር ነበር፤ ነገር ግን ስም የባለቤቱ ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለውን እኛ አናውቅም። በአራት ነጥብ ቦታ ሁለት ጊዜ የተመታው ሁለት ነጥብም እንዳለ ቀርቷል። ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ወርድ ውስጥ «።» ብሎ የሚፈልግ ሰው «፡፡»ን አያገኘውም።

በመጨረሻ ለጸሐፊው የላክነው ማስታወሻ ይህ ነው፦

«ለተከበሩ ደንበኛችን፦ የላክንልዎ ፋይል ከዋናው በአንድ ገጽ ይበልጣል፤ ምክንያቱ የፎንት ለውጥ ነው። የመስመር መጨረሻዎችና የገጽ ቁጥሮች ተንቀሳቅሰዋል፤ ማውጫው ታርሟል። ሠላሳ ስምንቱም አንቀጾች፣ ስሞች፣ ቀናትና የገንዘብ መጠኖች እንደ ዋናው ናቸው። የንብረት ሠንጠረዡ በእጅ ተስተካክሏል፤ እባክዎ እርስዎም ይዩት። ማህተሙና ፊርማዎቹ በምስልነት ብቻ ስለተቀመጡ ይህ ፋይል ለማረሚያ እንጂ በተፈረመው ደንብ ምትክ አያገለግልም።»

አንባቢም እንዲህ ያለ ፋይል ሲደርሰው በዓይን ከመገመት ይልቅ ሦስት ነገር ይቁጠር፦ አንቀጾቹን፣ የሠንጠረዡን ረድፎች፣ የስሞቹን ብዛት። ከዚያ ባዶ ሳጥን ያለባቸውን ረድፎች ለይቶ ከዋናው ጋር ያነጻጽር። መልኩ እንዳይናጋ የሚፈልግ ደግሞ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ፣ በወርድ የማስቀመጫ አማራጮች ውስጥ Embed fonts in the file የሚለውን ምልክት አድርጎ ያስቀምጠው፤ ፎንቱ ከፈቀደ አብሮ ይጓዛል። የማይፈቅዱ ፎንቶችም አሉ።

የተፈረመበትን ዋናውን ፒዲኤፍ ግን አይሰርዙት። ክርክር ቢነሣ የሚታየው እሱ ነው።