ሶኬቱ ላይ ገብቶ ያልሠራው ፕሮሰሰር

የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዋ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅሟ ስላልፈቀደ፣ ከአሮጌ ዕቃ ለመገጣጠም ተነሳች። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዳ ሳጥኑን ከነፓወር ሳፕላዩ አገኘች። ከቢሮ የወጣ H110 ማዘርቦርድም ስምንት ጊጋባይት ራም እንደተሰካበት ገዛች። የቀረው ፕሮሰሰር ነበር። የማዘርቦርዱ ሶኬት 1151 መሆኑን አይታ፣ ለዚሁ ሶኬት የተሠራ i5-8400 ፈልጋ ብሯን ከፈለች።

ፕሮሰሰሩ ያለ ምንም ትግል ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ማብሪያውን ስትጫን ፋኖቹ ዞሩ፤ ሞኒተሩ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ራሙ ይሆናል ብላ አወጣችው፤ ወርቃማ ጠርዙን በላጲስ አጽድታ መልሳ ሰካችው። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ለአንድ ጠጋኝ አሳየችው። ሰውየው የፕሮሰሰሩን ክዳን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ጽሑፉን አነበበ።

«ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪው» አላት። «ስምንት ነው፤ ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። ይሄ ቦርድ ደግሞ ከሰባተኛ አያልፍም።»

«ሶኬቱ እኮ አንድ ነው፣ ጋሼ!»

ልክ ነበረች፤ አሳሳቹ ነገርም ይኸው ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ስድስተኛውን ትውልድ ሲያወጣ ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች 1151 ነበሩ። በ2017 ስምንተኛው ሲመጣ የነጥቦቹ ቁጥርም ቅርጹም አልተለወጠም፤ ከእነዚህ መካከል ኃይል የሚያስተላልፉት ግን ተቀያየሩ። ስለዚህ አዲሱ ፕሮሰሰር አሮጌው ቦርድ ላይ ይገባል፣ ነገር ግን አይነሳም። እንደ H310 እና B360 ያሉ አዳዲስ ቦርዶች ያስፈልጉታል።

ተማሪዋ ሁለት ምርጫ ቀረላት፦ ቦርዱን መለወጥ ወይም ፕሮሰሰሩን። አዲሱ ቦርድ ተጨማሪ ብር ስለሚጠይቅ፣ ፕሮሰሰሩን ከተበላሸ ኮምፒውተር በወጣ i5-6500 ለወጠችው። በዚህም ስድስት ኮር ሰጥታ አራት ኮር ተቀበለች። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዴ ከታጠፉ ማቃናት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ይዛ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች። ኮምፒውተሩን ስታበራ የባዮሱ ገጽ i5-6500 የሚለውን ስም ይዞ ብቅ አለ።

ለውጡ ሌላ ገደብም አስከትሏል። ዊንዶውስ 11 ስድስተኛውን ትውልድ በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። እሷም በነጻ የሚገኘውን ኡቡንቱ ጫነች፤ ለፕሮግራሚንግ ትምህርቷ በቂ ነው።

ያገለገለ ፕሮሰሰር የምትገዙ፣ የሶኬቱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን ሙሉ የሞዴል ስም በአምራቹ ድረ ገጽ ፈልጉና ቦርዱ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ተመልከቱ። ዝርዝሩ ከፕሮሰሰሩ ስም ጎን የሚያስፈልገውን የባዮስ ሥሪትም ይናገራል፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሱንም አረጋግጡ።